ሳኒታይዘሩ አልጋው ጋ ሲደርስ፦ በ28 አልጋ የውስጥ ደዌ ክፍል የእጅ ንፅህናን የማሻሻል ፕሮጀክት

አዘጋጆች፦ የክፍሉ ነርሶች፣ ሐኪሞችና የጽዳት ሠራተኞች

ለምን ጀመርነው?

ጀርም ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚሻገረው በዋናነት በእኛው በባለሙያዎቹ እጅ ነው። ይህ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት እጅ መጽዳት ከነበረበት 200 አጋጣሚ የጸዳው በ92ቱ ብቻ ነው (46%)።

የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ ከ20 አጋጣሚ በ18ቱ አጽድተናል። ታካሚውን ከመንካታችን በፊት ግን ከ60 በ18ቱ ብቻ። ራሳችንን እየጠበቅን ታካሚውን ረስተናል። ከሁሉም ያሳሰበን ይሄ ነው።

ዓላማ፦ በ12 ሳምንት ውስጥ ከ46% ወደ 75% መድረስ።

እንዴት ለካን?

የዓለም ጤና ድርጅትን አምስት የእጅ ንፅህና ጊዜያት ተጠቀምን፤ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ከንፁህ ሥራ በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። በየሳምንቱ 50 አጋጣሚ፣ በቀንም በሌሊት ተረኛም ታየ። የማንም ስም አልተጻፈም። ጓንት ማድረግ እጅን እንደማጽዳት አልተቆጠረም።

እንቅፋቱ የት ነበር?

ሳኒታይዘሩ የተሰቀለው በር አጠገብ ነው። ነርሷ በአንድ እጇ የመድኃኒት ትሪ፣ በሌላው የደም ግፊት መለኪያ ይዛ 6ኛው አልጋ ጋ ትደርሳለች። ለማጽዳት ትሪውን አስቀምጣ ወደ በሩ መመለስ አለባት። ተመልሳም ጠርሙሱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፤ መሙላት የማን ሥራ እንደሆነ አልተወሰነም።

ምን ለወጥን?

ዙር 1፦ በየአልጋው እግርጌ ሳኒታይዘር ተሰቀለ።
ዙር 2፦ ጠዋትና ማታ መሙላት ለጽዳት ቡድኑ ተሰጠ። ሐሳቡም የመጣው ከእነሱ ነው።
ዙር 3፦ የሳምንቱ ውጤት በተረኛ ርክክብ ላይ በ2 ደቂቃ ይነገራል። እጃቸው ለሚደርቅ ሠራተኞች ቅባት ቀረበ።

ውጤት

በመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት ከ200 አጋጣሚ በ142ቱ እጅ ጸዳ (71%)። 75% አልደረስንም። ታካሚን ከመንካት በፊት ከ60 በ36ቱ (ከ30% ወደ 60%)። የታካሚውን ዙሪያ ከነኩ በኋላ ግን ከ40 ከ14 ወደ 16 ብቻ ከፍ አለ። የአልጋ ሐዲድና ኮመዲኖ አሁንም እንደ ንፁህ ነገር ይታያሉ።

*ሥዕል 1፦ ሳምንታዊ ውጤት፣ ከ1ኛ እስከ 16ኛ ሳምንት። አግድም መስመሩ የመነሻው ሚዲያን ነው (46%)። ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ 9ኙም ነጥቦች ከመስመሩ በላይ ናቸው። 6 እና ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥብ በአንድ ወገን ሲሆን ለውጡ እንዲያው የአጋጣሚ አይባልም።*

ውሱንነት

ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይጠነቀቃል፤ ቁጥራችን ከእውነታው ከፍ ሊል ይችላል። የኢንፌክሽን መጠን አልለካንም፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ቀነሰ አንልም።

ቀጣይ ዙር

በአልጋ ዙሪያ ንክኪ ላይ ብቻ እናተኩራለን። ተቅማጥ ላለበትና ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል ለተጠረጠረበት ታካሚ አልኮል ስፖሩን ስለማይገድል፣ በሳሙናና ውሃ ከ40–60 ሰከንድ መታጠብ ለብቻው ይለካል።