ቁልፍ ባለሙያዎች፦ በደቡብ ጎንደር የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል የመቅረጽ ፕሮጀክት

ፕሮጀክቱ በ18 ወራት ውስጥ በደቡብ ጎንደር ዞን በስድስት አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት የተቀመጡ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ይመዘግባል፣ ቅጂውንም ለየአጥቢያው ያስረክባል። አንድም መጽሐፍ ከደብሩ ቅጥር አይወጣም። ስለዚህ ባለሙያ ስንመርጥ ከትምህርት ማስረጃ አስቀድመን የጠየቅነው ቄሰ ገበዙ አምኖ መጽሐፉን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ነው።

ዶክተር ሰናይት፣ የፕሮጀክቱ መሪ፣ ከሥራ ጊዜያቸው 50 በመቶ

በግእዝ ፊሎሎጂ የሦስተኛ ዲግሪያቸውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በገድላትና በወንጌላት ኅዳግ የተጻፉ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎችን አጥንተው ነው። ይህ ጥናት ለሥራችን በቀጥታ ይጠቅማል። የመጽሐፉን ርእስና የቅጠሉን ብዛት ብቻ የሚይዝ መዝገብ የመሬት ስጦታውን፣ የውርስ ክርክሩን፣ የሰጪውንና የጸሐፊውን ስም ይዘነጋል፤ የአጥቢያው ታሪክ ግን ያለው እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም በምሥራቅ ጎጃም በሁለት ገዳማት የተካሄደ የምዝገባ ሥራ መርተው በተያዘለት ጊዜና በጀት አጠናቀዋል። በዚህ ፕሮጀክት የመዝገቡን ቅጽ ያዘጋጃሉ፣ እያንዳንዱን መግለጫ ከመጽደቁ በፊት ያነባሉ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የሚያስፈልገውን ፈቃድም ያስፈጽማሉ።

መሪጌታ ይኄይስ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ግንኙነትና የምዝገባ ኃላፊ፣ 100 በመቶ

ቅኔን ዋሸራ ተምረው፣ ድጓን በቤተልሔም አስመስክረው፣ ለ20 ዓመታት በዚሁ ዞን ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ከስድስቱ አጥቢያዎች በአራቱ የሚያገለግሉ መሪጌቶች ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው። ዕቃ ቤት የሚከፈተው አስተዳዳሪው፣ ቄሰ ገበዙና ሰበካ ጉባኤው ሲስማሙ ነው፤ ያንን ስምምነት ከእርሳቸው የተሻለ የሚያገኝ ሰው አናውቅም። የስድስቱም አጥቢያዎች የስምምነት ደብዳቤ የተገኘው እርሳቸው በየሰበካ ጉባኤው ተገኝተው ካስረዱ በኋላ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የላቸውም። ገምጋሚዎች ይህን እንደ ጉድለት እንዳይቆጥሩት አጥብቀን እንጠይቃለን። ድጓ ከዮሐንስ ጀምሮ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ ይሄዳል፤ ጥራዙ ተፈትቶ ሲሰፋ ቅጠል ከተዘበራረቀ ወይም ከጎደለ፣ መጽሐፉን በቃሉ የያዘ ሰው እዚያው ገልጦ ያውቀዋል። ሌላው ባለሙያ ይህን ለማግኘት ከሌላ ቅጂ ጋር ቅጠል በቅጠል ማስተያየት ይኖርበታል። ዶክተር ሰናይት በምሥራቅ ጎጃም ሲሠሩ የምዝገባ ረዳታቸው መሪጌታ ይኄይስ ነበሩ፤ የሁለቱ አብሮ መሥራት በተግባር የተፈተነ ነው።

አቶ ዮናስ፣ የፎቶግራፍና የመረጃ ኃላፊ፣ 100 በመቶ

በአንድ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ክፍል 8 ዓመት ሠርተዋል። ከዚህም በላይ የሚጠቅመን መብራት በሌለባቸው ቦታዎች በፀሐይ ኃይል ካሜራና ኮምፒውተር እያንቀሳቀሱ መሥራታቸው ነው፤ ከአጥቢያዎቻችን ሦስቱ መብራት የላቸውም። ብራናው እንዳይሰነጠቅ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ የሚይዝ መደገፊያ ከእንጨት ሠርተው ተጠቅመውበታል። ምስሎች በTIFF ይቀመጣሉ፤ ስያሜያቸው አጥቢያውን፣ መጽሐፉንና ቅጠሉን በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ለምሳሌ `SG03_017_042r.tif`። አቶ ዮናስ በየምሽቱ የቅጠሉን ቁጥር ከምስሉ ጋር አመሳክረው የጎደለ ካለ ቡድኑ አጥቢያውን ሳይለቅ ያስነሳሉ። ለመመለስ የአንድ ቀን የበቅሎ መንገድ በሚጠይቅ ቦታ ይህ ልማድ ትልቅ ዋጋ አለው።

ወይዘሮ ትዕግሥት፣ የብራና ጥበቃ ባለሙያ፣ 25 በመቶ

በሙዚየም ውስጥ በቆዳና በብራና ጥበቃ 11 ዓመት ሠርተዋል። በእያንዳንዱ አጥቢያ ሥራ ሲጀመር ለሁለት ሳምንት ይገኛሉ፤ የትኛው መጽሐፍ ሊከፈት እንደሚችል የሚወስኑት እርሳቸው ብቻ ናቸው፣ የፕሮጀክቱ መሪም ውሳኔውን አይሽሩም። ብል የበላውን፣ ገበታው የተሰነጠቀውን፣ ድጉሱ የተላጠውን ለይተው ይመዘግባሉ። ነባሩን ስፌት አይፈቱም፣ ሙጫ አይቀቡም። ማኅደር ለሌላቸው መጻሕፍት በአካባቢው የቆዳ ሠራተኞች ማኅደር ያሠራሉ፤ ለዲያቆናትም የአያያዝ ሥልጠና ይሰጣሉ። እስካሁን የሠሩት በአብዛኛው በከተማ፣ በሙዚየም ክፍል ውስጥ በመሆኑ በመጀመሪያው አጥቢያ መሪጌታ ይኄይስ ከጎናቸው እንዲሆኑ መርሐ ግብሩ ላይ አስፍረናል።

አቶ በላይ፣ የሒሳብ ኃላፊ፣ 20 በመቶ

በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ አላቸው፤ የማኅበራችንን ሒሳብ 6 ዓመት ይዘዋል፣ በየዓመቱም በውጭ ኦዲተር ተመርምሯል። ደረሰኝ በማይገኝባቸው የገጠር ወጪዎች፣ ለምሳሌ ለበቅሎ ኪራይ፣ በሦስት ምስክር የሚፈረም ቅጽ ይጠቀማሉ።

አምስቱም ባለሙያዎች የተፈረመ የፈቃደኝነት ደብዳቤ ሰጥተዋል። መሪጌታ ይኄይስ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ቢለዩ፣ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ቦታቸውን እንዲተካ ከወዲሁ ተስማምተናል፤ ተተኪው ከመጀመሪያው አጥቢያ ጀምሮ ከቡድኑ ጋር ይሠራል፣ ደመወዙም በበጀቱ ተይዟል።