የሐዋሳ ፒያሳ ክሊኒካችን የስልክ መልስ ሰጪ ንባብ

ለምታነብልን ባልደረባችን፦ ሁልጊዜ አገልግሎቱ ይቅደም፣ ቁጥሩ ይከተል። ደዋዩ የሚፈልገውን ነገር ሰምቶ ሳይጨርስ ቁጥር ቢነገረው አይይዘውም። ከእያንዳንዱ አማራጭ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም በይ። ስልኩን የሚደውለው ብዙ ጊዜ ልጁ ያተኮሰው አባት ወይም እናቱን የሚያስታምም ልጅ ስለሆነ ድምፅሽ የተረጋጋ ይሁን። በቅንፍ ያለው አይነበብም።

መክፈቻ

ጤና ይስጥልኝ። የደወሉት ሐዋሳ፣ ፒያሳ ወደሚገኘው መካከለኛ ክሊኒክ ነው።
በአማርኛ ለመቀጠል 1ን ይጫኑ።
በሲዳምኛ ለመቀጠል 2ን ይጫኑ።

(የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የሚነበበው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ የማይሰማ ሰው በአማርኛ ቢጋበዝ ምን ይረዳዋል? ደዋዩ አምስት ሰከንድ ዝም ካለ በአማርኛ ይቀጥላል።)

አስቸኳይ መልእክት

ታማሚው ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ሰውነቱ እየተንፈራገጠ ከሆነ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ይህን ስልክ ዘግተው በ907 ይደውሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።
በአቅራቢያዎ መኪና ካለ ሳይጠብቁ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደ አዳሬ ሆስፒታል ይውሰዱት።
በእኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ደም መስጠት የለም። እባክዎ ወደ እኛ በማምጣት ጊዜ አያባክኑ።

(ይህ መልእክት በበዓልም፣ በሌሊትም፣ ሥራ በበዛበት ቀንም አይቀነስም። በዝግታ ይነበብ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ግን ደዋዩ ቁጥር እንደተጫነ መስመሩ ሳያስጨርስ ያሳልፈው፤ ሒሳቡ የሚቆጥረው በእሱ ነው።)

ዋና ማውጫ

ከነርስ ጋር አሁን ለመነጋገር 1ን ይጫኑ።
ቀጠሮ ለመያዝ ወይም ለመለወጥ 2ን ይጫኑ።
የላቦራቶሪ ውጤት ለመጠየቅ 3ን ይጫኑ።
ለእርግዝና ክትትልና ለሕፃናት ሕክምና 4ን ይጫኑ።
የሥራ ሰዓት፣ ክፍያና አድራሻ ለማወቅ 5ን ይጫኑ።
እንግዳ ተቀባይ ለማነጋገር 0ን ይጫኑ።
ማውጫውን እንደገና ለመስማት ኮከብን ይጫኑ።

ቁጥር 1፦ ነርስ

ነርሷ እስክታነሳልዎ መስመር ላይ ይቆዩ።
ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ካለ ወባ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት አይውሰዱ፤ የጎረቤትም አይቀበሉ። አስቀድሞ ደም መመርመር አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካተኮሳት ነገን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያምጡ።
ውሻ ነክሶ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ቁስሉ ጭረት ቢመስልም፣ ውሻውም የሚያውቁት የሰፈር ውሻ ቢሆን፣ ዛሬውኑ ይታዩ። ክትባቱ የሚገኝበትን ቦታ ነርሷ ትነግርዎታለች።

(ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነርሷ ካላነሳች፦)

ነርሷ ከታካሚ ጋር ናት። መሰላልን ተጭነው ይዝጉ፤ በዚሁ ቁጥርዎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሰን እንደውላለን። ታማሚው ከባሰበት ግን አይጠብቁን፤ በ907 ይደውሉ።

ቁጥር 2፦ ቀጠሮ

አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ 1ን ይጫኑ።
የያዙትን ለመለወጥ ወይም ለመሰረዝ 2ን ይጫኑ።
ወደ ዋናው ማውጫ ለመመለስ ኮከብን ይጫኑ።

(1ን ለተጫነ፦) ከድምፁ በኋላ የታካሚውን ሙሉ ስም ከነአባት፣ ዕድሜና የሚመችዎትን ቀን ይናገሩ። ሕመሙን በዝርዝር መናገር አያስፈልግም፤ እሱን ለሐኪሙ ይንገሩ።
(2ን ለተጫነ፦) የካርድ ቁጥርዎን አስገብተው መሰላልን ይጫኑ። ካርዱ አጠገብዎ ከሌለ 0ን ይጫኑ።

ቀጠሮ የሌለው ታካሚም ይስተናገዳል፤ በመጣበት ተራ ይገባል። የሚያተኩሳቸው ሕፃናትና አቅመ ደካማ አረጋውያን ተራ አይጠብቁም።

ቁጥር 3፦ ላቦራቶሪ

ውጤትዎ መድረሱን ለማወቅ የካርድ ቁጥርዎን አስገብተው መሰላልን ይጫኑ።
ለምርመራ እንዴት እንደሚዘጋጁ ለመስማት 1ን ይጫኑ።

በስልክ የምንነግርዎ ውጤቱ መድረሱን ብቻ ነው። ውጤቱን ራሱን ታካሚው መጥቶ ከሐኪሙ ይሰማል። ይህ ለባልም፣ ለሚስትም፣ ለአሠሪም ያው ነው፤ የታካሚው ምስጢር ያለ እሱ ፈቃድ ለማንም አይነገርም።

(1ን ለተጫነ፦) በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ከታዘዘልዎ ከመምጣትዎ በፊት ለስምንት ሰዓት ምግብ አይብሉ፤ ሻይና ቡናም አይጠጡ። ውሃ ይፈቀዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በዚያ ጠዋት ይውሰዱ ወይም ይቆዩ እንደሆነ ነርሷን ይጠይቁ፤ በጾም ወቅትም በራስዎ ውሳኔ መድኃኒትዎን አያቋርጡ።
ለሰገራ ምርመራ ዕቃውን ከእኛ ይውሰዱ። ናሙናውን በወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያድርሱ፤ ከቆየ አንዳንድ ተውሳኮች ይሞቱና በማይክሮስኮፕ ሳይታዩ ሊቀሩ ይችላሉ።

ቁጥር 4፦ እናቶችና ሕፃናት

ነፍሰ ጡር ሆነው ከብልት ደም ከታየዎት፣ ከባድ ራስ ምታት ካለዎት፣ ዓይንዎ ብዥ ካለ፣ ፊትዎና እጅዎ ካበጠ ወይም ጽንሱ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ቀጠሮ አያስፈልግም። ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

የእርግዝና ክትትል ለመጀመር 1ን ይጫኑ።
ለሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ 2ን ይጫኑ።
ስለ ክትባት ለመስማት 3ን ይጫኑ።

(3ን ለተጫነ፦) የሕፃናት መደበኛ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ እኛ ዘንድ አይሰጥም። ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይወሰዳል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩና በ15 ወሩ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል፤ እባክዎ አይርሱት። ቀኑ ቢያልፍም ካርዱን ይዘው ይሂዱ።

ቁጥር 5፦ ሰዓት፣ ክፍያና አድራሻ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነን። እሑድ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ።
ካርድ 200 ብር ነው፤ ለአሥር ቀን ያገለግላል። በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ እኛ ዘንድ አያገለግልም፤ በጤና ጣቢያ ግን ያገለግልዎታል።
በባጃጅ ከመጡ “ፒያሳ ገብርኤል” ይበሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ከታች መድኃኒት ቤት ያለበት ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነን። ደረጃ መውጣት ለማይችል ታካሚ 0ን ይጫኑ፤ ነርሷ ወደ ታች ትወርዳለች።

ምንም ያልተጫነ ወይም የተሳሳተ ቁጥር የተጫነ እንደሆነ

የተጫኑት ቁጥር ማውጫው ላይ የለም። እንደገና ይሞክሩ።

(ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ማውጫውን አይድገም፤ በቀጥታ ወደ እንግዳ ተቀባይ ያስተላልፈው። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን በቁጥር መጨናነቅ የለባቸውም።)

ከሥራ ሰዓት ውጪና በበዓል ቀን

(ከአስቸኳይ መልእክቱ ቀጥሎ፦)
አሁን ተዘግቷል። ስምዎን ለመተው 1ን ይጫኑ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደውላለን። በገና፣ በፋሲካ፣ በዒድ አል ፈጥርና በፊቼ ጫምባላላ ዕለት ተረኛ ነርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ትገኛለች።