3.5 የሪግሬሽን ሞዴሉ፣ ተለዋዋጮቹ እና የተደረጉት ፍተሻዎች

ይህ ክፍል የጥናቱን ዋና ጥያቄ እንዴት በቁጥር እንደመረመርኩት ያስረዳል። ጥያቄው ቀላል ነው። በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በእነማይ ወረዳ፣ በመስመር የዘራ ገበሬ በብተና ከዘራው የበለጠ ጤፍ በሄክታር ያገኛል ወይ? ማዳበሪያው፣ አፈሩ፣ የእርሻው ድግግሞሽና ሌላውም ነገር ተመሳሳይ ቢሆንስ? መረጃው የ2011/12 የመኸር ምርትን ይመለከታል። ዘሩ የተዘራው ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ቃለ መጠይቁ ደግሞ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት 2012 ተካሄደ። ከ6 ቀበሌዎች 24 ጎጦች በዕጣ ተመረጡ። ከየጎጡ 10፣ በድምሩ 240 አባወራዎችና እማወራዎች ተጠየቁ። የ9ኙ የጉልበት መረጃ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። ተመልሼ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን መጋቢት ላይ ኮሮና ወደ አገር ስለገባ የመስክ ሥራው በዚያው ቆመ። ስለዚህ ትንተናው በ231 ቤተሰቦች ላይ ነው። የወጡት 9ኙ በመሬት ስፋትም ሆነ በምርት ከቀሩት የተለየ ጠባይ አላሳዩም።

ጥገኛው ተለዋዋጭ በሄክታር የተገኘው የጤፍ ምርት ነው፤ በኩንታል ተለክቶ ወደ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ተቀይሯል። በናሙናው አማካዩ 15.8 ኩንታል ነው። ዝቅተኛው 4፣ ከፍተኛው 29 ነው። ሎጋሪዝሙን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የምርቱ ሥርጭት ወደ ቀኝ የተጎተተ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ አሠራር ምርትን የሚጨምረው በቁርጥ ኩንታል ሳይሆን በመቶኛ ነው ብሎ ማሰብ ለእርሻ ይበልጥ ይስማማል። ደህና አፈር ላይ 20 ኩንታል የሚያገኝና በተሸረሸረ መሬት 8 የሚያገኝ ገበሬ፣ ሁለቱም በመስመር ስለዘሩ እኩል 2 ኩንታል ይጨመርላቸዋል ማለት አይመስለኝም። የሞዴሉ ቅርጽ ይህ ነው፦

```
ln(Y_i) = β0 + β1·ROW_i + β2·N_i + β3·N_i² + β4·ln(A_i)
          + γ'X_i + δ_k + u_i
```

`Y_i` የቤተሰቡ ምርት በሄክታር ነው። `ROW_i` በመስመር ለዘራ 1፣ በብተና ለዘራ 0 ነው። ማሳውን ከፍሎ ሁለቱንም የሞከረ ሰው ከግማሽ በላዩን በመስመር ከዘራ 1 ተሰጥቶታል። `N_i` በሄክታር የተጨመረው ናይትሮጅን በኪሎ ነው። `A_i` በጤፍ የተሸፈነው መሬት በሄክታር ነው። `δ_k` የቀበሌ ደሚዎች ናቸው፤ አንዱ ቀበሌ መነሻ ስለሆነ አምስት ናቸው። `X_i` ውስጥ ያሉት የሚከተሉት ናቸው፦ ቁንጮ ዝርያ መዝራት፣ አፈሩ ዋልካ መሆኑ፣ ማሳው ስንቴ እንደታረሰ፣ በሄክታር የፈሰሰው ጉልበት በሰው ቀን በሎጋሪዝም፣ የበሬ ብዛት፣ የቤተሰቡ ኃላፊ ዕድሜ፣ የትምህርት ዓመት፣ ጾታ፣ እና የልማት ሠራተኛ በዓመቱ ስንት ጊዜ እንዳነጋገረው።

አንዳንዶቹ ተለዋዋጮች ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ገበሬው የሚነግረን ናይትሮጅን ሳይሆን ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደጨመረ ነው። ኤንፒኤስ በኩንታል 19 ኪሎ፣ ዩሪያ ደግሞ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አላቸው። ሁለቱን በዚህ ሂሳብ ቀይሬ ደመርኳቸው። ለየብቻ ባስገባቸው ኖሮ አብረው ስለሚሄዱ የትኛው ምን እንደሠራ መለየት ያስቸግር ነበር። ናይትሮጅኑን ወደ ሎጋሪዝም አልቀየርኩትም። ምንም ማዳበሪያ ያልጨመሩ 14 ቤተሰቦች አሉ፤ የዜሮ ሎጋሪዝም ደግሞ የለም። 1 ደምሮ ሎጋሪዝም መውሰድ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም ውጤቱ በመለኪያው አሃድ ስለሚቀያየር አልወደድኩትም። ጉልበት ሲቆጠር የቤተሰብ፣ የቅጥር፣ የደቦና የወንፈል ሥራ ሁሉ ተደምሯል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሠራው ቀን እንደ ግማሽ ተቆጥሯል።

የመሬቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር። ገበሬው የሚናገረው በጥማድ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው ቢባልም በሬውና ማሳው እንደሚለያይ ሁሉ ጥማዱም ይለያያል። ስለዚህ ማሳዎቹን በጂፒኤስ ዞረን ለካን። ማሳቸው ሩቅ የሆነባቸው 17 ቤተሰቦች ግን በተናገሩት ጥማድ ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሬት በግራም በቀኝም አለ፤ ምርቱ የተካፈለው በእሱ ነው፣ ገላጭ ተለዋዋጭም ሆኖ ገብቷል። መሬቱ በስህተት ሰፍቶ ከተለካ ምርት በሄክታር በራሱ ይቀንሳል። ያኔ ሰፊ መሬት ያለው ሰው ምርቱ ዝቅተኛ መስሎ ይታያል። ጠቅላላ ምርትን ጥገኛ ማድረግም ችግሩን አይፈታውም፤ የ`β4`ን ዋጋ በትክክል በ1 ከፍ ከማድረግ በቀር ሌላውን ኮኤፊሸንት ንቅንቅ አያደርገውም። በዚህ ምክንያት `ln(A_i)` በሞዴሉ ውስጥ ያለው ለቁጥጥር ብቻ ነው። በምዕራፍ አራት ስለ መሬት ስፋትና ምርታማነት የምለው ነገር የለም።

ሞዴሉ የተገመተው በተለመደው የትንሹ ስኩዌር ዘዴ፣ በስታታ 16 ነው። ትዕዛዞቹ እነዚህ ናቸው፦

```
regress lnyield row c.n_c##c.n_c lnarea quncho walka ///
    plough lnlabour oxen age educ female da i.kebele
estat hettest
estat ovtest
estat vif
predict cook, cooksd
```

ከፍተሻዎቹ መጀመሪያ የማነሳው የሞዴሉን ቅርጽ የቀየረውን ነው። መጀመሪያ ላይ ናይትሮጅን በቀጥታ መስመር ብቻ ገብቶ ነበር። የራምሴ ሪሴት ፈተና ይህን አልተቀበለውም፤ F(3, 210) = 4.37፣ p = 0.005። ቀሪዎቹን ከናይትሮጅን አንጻር በሥዕል ስመለከት ኩርባው በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይለዝባል። ይህ ለጤፍ የሚጠበቅ ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ አገዳው ይረዝምና ይጋሽባል። ስኩዌሩ ሲጨመር ፈተናው አለፈ፤ F(3, 209) = 1.52፣ p = 0.21። ናይትሮጅንና ስኩዌሩ እርስ በርስ በጣም ስለሚያያዙ ቪ.አይ.ኤፍ. መጀመሪያ ከ12 በላይ ነበር። ናይትሮጅኑን ከአማካዩ፣ ማለትም ከ52 ኪሎ፣ ቀንሼ ሳስገባው ወረደ። ይህ ማስተካከያ የሞዴሉን ግምት አይለውጥም፤ ለንባብ ያቀልለዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ ከፍተኛው ቪ.አይ.ኤፍ. 2.84 ነው፣ የጉልበት። አማካዩ 1.62 ነው። ጉልበትና በመስመር መዝራት የሚዛመዱት በመስመር መዝራት ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ነው።

የስህተቱ ልይይት እኩል አይደለም። የብሩሽ–ፔገን ፈተና ውጤት χ²(1) = 11.84፣ p < 0.001 ነው። ምርታቸው ዝቅ ይላል ተብሎ የተገመተላቸው ቤተሰቦች ቀሪያቸው ሰፋ ብሎ ይበተናል። በዚያ ላይ የአንድ ጎጥ ሰዎች ዝናቡንም፣ በረዶውንም፣ የልማት ሠራተኛውንም ይጋራሉ። ስለዚህ ስታንዳርድ ኤረሮቹ በጎጥ ክላስተር ተደርገዋል። በቀበሌ ክላስተር ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን 6 ክላስተር ለዚህ ዘዴ እጅግ ጥቂት ነው። 24ም ቢሆን ብዙ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ለዋናው ተለዋዋጭ የፒ ዋጋው በዋይልድ ክላስተር ቡትስትራፕ በድጋሚ ተሰልቷል፤ የድግግሞሹ ቁጥር 9,999 ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የማምነው ቡትስትራፑን ነው። ይህን የወሰንኩት ውጤቱን ከማየቴ በፊት ነው።

ደርቢን–ዋትሰን አልሠራሁም። መረጃው በአንድ ወቅት የተሰበሰበ ስለሆነ የረድፎቹ ቅደም ተከተል ትርጉም የለውም። በብዙ ቴሲስ ላይ እንደ ወግ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን የሚነግረን ነገር የለም። የሚያስፈራው የጊዜ ሳይሆን የጉርብትና ትስስር ነው። ለዚህም የቤቶቹን የጂፒኤስ ነጥብ ተጠቅሜ የቀሪዎቹን ሞራን አይ አስላሁ። የቀበሌ ደሚዎች ሳይገቡ 0.13 ነበር፣ p = 0.01። ከገቡ በኋላ ወደ 0.04 ወርዷል፣ p = 0.18። ደሚዎቹ በሞዴሉ የቀሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የቀሪዎቹ ሥርጭት ፍጹም ኖርማል አይደለም። የዣርክ–ቤራ ዋጋ 7.9 ነው፣ p = 0.019። በኪው–ኪው ሥዕሉ ላይ የሚርቀው የግራው ጭራ ብቻ ነው። በ231 ናሙና ይህ ለኮኤፊሸንቶቹ ፍተሻ ብዙም አያሳስብም። ጭራው ላይ እነማን እንዳሉ ማወቅ ግን አስፈላጊ ነበር። በኩክ ዲስታንስ ከ4/n፣ ማለትም ከ0.017 በላይ የሆኑ 11 ቤተሰቦች ተገኙ። የእያንዳንዳቸውን መጠይቅ ከመዝገብ አውጥቼ አየሁ። ሁለቱ የምዝገባ ስህተት ነበሩ። በጂፒኤስ ካልተለኩት 17 ውስጥ ናቸው፤ ጥማዱ እንደ ሄክታር ተጽፎ ምርታቸው በአራት እጥፍ አንሶ ነበር። እነዚህ ተስተካክለዋል። ከ11ዱ ቆጠራ በቀር በዚህ ክፍል ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከእርማቱ በኋላ የተሰሉ ናቸው። ሦስቱ በጥቅምት በረዶ የመታቸው ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ምንም ጉድለት አልተገኘባቸውም፤ ወይ በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ወይ ዓመቱ አልቀናቸውም። ከእርማቱ በኋላ ማንንም አላወጣሁም። ምርቱ አነሰ ተብሎ ከናሙና የሚወጣ ገበሬ ካለ ጥናቱ የሚያወራው ስለ እድለኞች ብቻ ይሆናል። ዘጠኙን አውጥቶ የተገመተው ሞዴል ለንጽጽር በአባሪ ውስጥ ቀርቧል።

የትኛውም ፍተሻ የማይደርስበት አንድ ጉዳይ ይቀራል። በመስመር የዘሩት ገበሬዎች በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። ራሳቸው ወስነው ነው። ታታሪ፣ ጉልበት ያለው፣ ከልማት ሠራተኛው ጋር የሚግባባ ሰው በመስመር የመዝራት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያው ሰው በብተና ቢዘራም ከጎረቤቱ የተሻለ ያመርት ይሆናል። ትምህርትን፣ በሬን፣ ጉልበትንና የልማት ሠራተኛ ግንኙነትን ያስገባሁት ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው፤ ትጋትን ግን በመጠይቅ አልለካሁም። ለመሣሪያ ተለዋዋጭነት ወደ ልማት ጣቢያው ያለውን ርቀት አስቤው ነበር። ነገር ግን ጣቢያው የቀረበው ሰው ማዳበሪያና ዘርም ይቀርበዋል፤ ርቀቱ በሌላ መንገድም ምርትን ይነካል ማለት ነው። ስለዚህ ተውኩት። በዚህ የተነሳ `β1` የሚነበበው እንደ ዝምድና ነው። የመቶኛ ልዩነቱም በ`100·(exp(β1) − 1)` ተሰልቷል። በምዕራፍ አራት ሦስት ግምቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፦ `ROW_i` ብቻውን፣ ከቀበሌ ደሚዎች ጋር፣ እና ከሁሉም ተለዋዋጮች ጋር። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ሲኬድ `β1` ምን ያህል እንደቀነሰ አንባቢ ራሱ ማየት ይችላል።