«ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ የምንልከው መልስ

ልጆች፣ ይሄን ስልካችሁ ላይ ፒን አድርጉት። ቴሌግራምም ላይ ቲክቶክም ላይ የሚገባልን መልእክት አብዛኛው አንድ ቃል ነው፦ «ስንት?» አንዳንዱ እሱንም አይጽፍም። የቦርሳዋን ፎቶ መልሶ ይልክና የጥያቄ ምልክት ያስከትላል። አትናደዱ። መርካቶ ስትገቡ እናንተም መጀመሪያ የምትሉት ያንኑ ነው።

ዋጋው ቀድሞ ይነገር። «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም፤ ሰውየው እኮ ውስጥ መስመር ገብቶ ነው የጠየቀው። ዋጋ የደበቅንበት ሰው «አይተው ሊቆልሉብኝ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከዋጋው በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ። አንድ ብቻ፣ ያውም ሳያስብ የሚመልሰው።

ለቡናማዋ የትከሻ ቦርሳ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልን። ቡናማዋ የትከሻ ቦርሳ 4,800 ብር ናት። ሙሉ የከብት ቆዳ ናት። ስልክ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ትንሽ ጃንጥላና የውሃ ጠርሙስ ትይዛለች፤ ላፕቶፕ ግን አትይዝም። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉበት እናደርሳለን። ለራስዎ ነው ወይስ ለስጦታ?»

«ላፕቶፕ ግን አትይዝም» የምትለዋን እንዳትቆርጡ። ባለፈው ሰኔ አንዲት እናት ለልጃቸው ምርቃት ገዝተው ወሰዱ። ልጅቷ ላፕቶፗን ብትሞክር ዚፑ አልዘጋ አለ። ቦርሳዋ ተመለሰች፣ የሞተረኛውን ደርሶ መልስ እኛ ቻልን፣ ሴትየዋም ተቀየሙን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያኔ መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ለራሴ» ካለ፦

«በጣም ጥሩ። አሁን ሱቅ ውስጥ ቡናማ 3፣ ጥቁር 2 አለን። የቱን እናስቀምጥልዎ?»

ይሄ የዛሬ ሰኞ ጠዋት ቆጠራ ነው። ነገ ከመላካችሁ በፊት መደርደሪያውን እዩ። አስር ቁጭ ብሎ «አንድ ብቻ ቀረች» ማለት የለም። ሰው ሱቅ ሲመጣ ያያል።

«ለስጦታ» ካለ ቀኑን ጠይቁ። ቀን የነገረን ሰው ግማሽ መንገድ መጥቷል፦

«ለመቼ እንድትደርስልዎ ይፈልጋሉ? በካርቶን አሽገን እንሰጣለን፣ ለካርቶኑ አናስከፍልም። ቆዳው ላይ ስም ማሳተም ከፈለጉ 250 ብር ነው፣ አንድ ቀን ይፈጃል።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አትበሉ። ለምን እንደሚሰጥ አናውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አጠራር ልናገር። ማን እንደጻፈ እስክታውቁ «እርስዎ» በሉ። ፕሮፋይሉ ላይ ጽጌረዳ ስላለ ሴት ነው ማለት አይደለም፣ የመኪና ፎቶ ስላለም ወንድ ነው ማለት አይደለም። «አንቺ በይኝ» ካለች «አንቺ» በሏት፣ ከዚያ ወዲያ ወደ «እርስዎ» አትመለሱ፣ የተኮረፈች ይመስላታል። «ውዴ»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ» ይቅርብን። ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው ለባለቤታቸው ቦርሳ ሲጠይቁ «እሺ ውዴ» ተብለው ሱቅ ድረስ መጥተው «ውዴ ያለችኝ የትኛዋ ናት?» አሉ። ደግነቱ እየሳቁ ነበር። ገዝተውም ሄዱ፣ ግን ሁሉም እንደሳቸው አይደለም።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ሲመጣ፦

«ዋጋችን ለሁሉም አንድ ነው፣ 4,800። ሁለት ከወሰዱ ግን የማድረሻውን እኛ እንችላለን። አነስ ያለ ዋጋ ከፈለጉ፣ ከዚሁ ቆዳ የተሠራች ትንሿ ቦርሳ 3,200 ናት። ፎቶዋን ልላክልዎ?»

«ለአንተ ብዬ 4,500» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ስክሪንሾት አድርጎ ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛውም ትናንት በ4,800 የገዛው ሰውዬ ሆኖ ይገኛል።

«ኧረ ተወደደ» ለሚለው አትከራከሩ፦

«ልክ ነዎት፣ ትንሽ ብር አይደለም። ቆዳውም ስፌቱም የአገር ውስጥ ነው፤ ዚፑና መቆለፊያው ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ስፌቱ በ6 ወር ውስጥ ከተፈታ በነፃ እንሰፋለን። ስፌቱን ቀረብ አድርጌ ላንሳልዎ?»

ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዚፕ በስንት እንደምንገዛ እናንተም ታውቃላችሁ። ግን ደንበኛው ላይ የምንዛሪ ትምህርት አትክፈቱ። እሱም የሚኖረው እዚሁ ነው።

«ኦርጅናል ቆዳ ነው?» ካለ ጽሑፍ አይበቃም። ስልካችሁ ላይ ያለችውን አጭር ቪዲዮ ላኩ፣ ቁራጩን ገልብጬ ጀርባውንና የተቆረጠውን ጠርዝ የማሳይባትን። ከሥሯ፦

«ጀርባው እንዲህ ሻከር ያለ ነው፣ ጠርዙም ክሩ ይታያል። ፕላስቲክ ቢሆን ጠርዙ ልሙጥ ይሆን ነበር፣ ከሥሩም ጨርቅ ይለጠፍበታል። ሱቅ መጥተው ነክተው ማየት ይችላሉ፤ ካልተመቸዎት ይዘንልዎ እንመጣለን። የትኛው ይሻልዎታል?»

በላይተር እያቃጠላችሁ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዳትሠሩ። የሌላ ሱቅ አይቼ ነው የምላችሁ፤ ሰው ቦርሳውን ቤቱ ወስዶ ይለበልበዋል።

ሱቅ መምጣት ለሚፈልግ፦

«ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ሲወርዱ በግራ በኩል ነን፣ 2ኛ ፎቅ። በባቡር ከመጡ ለገሃር ወርደው ትንሽ ሽቅብ መሄድ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12፡30 ክፍት ነን። ዛሬ ይመጣሉ ወይስ ነገ? ቦርሳዋን ለብቻ እናስቀምጥልዎ።»

«እሺ፣ ላኩልኝ» ሲል ነው ብዙ ጊዜ የምናጠፋው። በአንድ መልእክት ጨርሱት፦

«እሺ፣ እናመሰግናለን። ሰፈርዎንና ሞተረኛው የሚደውልበትን ስልክ ይላኩልን። ማድረሻ ለፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮና ቦሌ 200 ብር፣ ለሲኤምሲ፣ አያትና ጀሞ 350 ብር ነው። ከ8 ሰዓት በፊት ያዘዙት ዛሬውኑ ይደርሳል። መጀመሪያ አይተው፣ ከፍተው፣ ከዚያ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ይከፍላሉ። ካልወደዷት የማድረሻውን ብቻ ከፍለው ይመልሷታል።»

ቀብድ የምንጠይቀው ስም ለሚታተምበት ብቻ ነው፣ 1,000 ብር። ስም የታተመባትን ቦርሳ ለሌላ ሰው መሸጥ አንችልም፣ ይሄን ብትነግሩት ማንም አይከፋውም። አከፋፈል ላይ ግን ንቁ፦ ሞተረኛው ደንበኛው ያሳየውን ስክሪንሾት አይቶ ቦርሳ አያስረክብ። ይደውልላችሁ፣ ብሩ የኛ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን እናንተ አይታችሁ «ገብቷል» በሉት።

ዋጋ ሰምቶ ዝም ላለ ሰው በማግስቱ ከ4 ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፦

«ጤና ይስጥልን። ትናንት ስለ ቡናማዋ ቦርሳ ጠይቀውን ነበር። እስከ ቅዳሜ 10 ሰዓት ልያዝልዎ? ሐሳብዎን ከቀየሩም ምንም አይደለም።»

ከዚህ በኋላ ዝም ካለ ዝም በሉ። ሦስተኛ መልእክት የሚላክለት ሰው ብሎክ ነው የሚያደርገን።

«በጅምላ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» የሚል ከመጣ ምንም ቁጥር ሳትጽፉ ለኔ ደውሉ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ለጻፈ ደግሞ መልሱ ጠዋት ይድረሰው፣ እናንተም ተኙ።