ጉዳዩ፦ አስቸኳይ ግዢን ለመቀነስ የሚያግዝ የእስቶር ሶፍትዌር ለማሳየት የ30 ደቂቃ ጊዜ ስለመጠየቅ

ውድ ወ/ሮ ዘሀራ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰዒድ እባላለሁ። ቢሮው ኮምቦልቻ በሆነ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ በሽያጭ እሠራለሁ። ከዚህ በፊት አንተዋወቅም። ኢሜይልዎን ያገኘሁት ሆስፒታላችሁ ባለፈው ሳምንት በር ላይ ከለጠፈው የፕሮፎርማ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያውን ቆሜ አነበብኩት። የላብራቶሪ ሪኤጀንት፣ ጓንት፣ ካኑላ፣ የስፌት ክር ይላል። ዋጋ ማስገቢያው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋ ሞልቶ የሚያስገባው ደሴና ኮምቦልቻ ያለ፣ ዕቃው እጁ ላይ ያለ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ወሬውንም ሳይሰማ ያልፈዋል። ውድድሩ ሲጠብ ዋጋው የት እንደሚሄድ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም።

በሥራዬ ክሊኒክና ሆስፒታል እዞራለሁ። ዕቃ ባለቀ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ግዢ ክፍል ላይ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ግዢ ክፍል የሚገዛው የተጠየቀውን ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ቢን ካርዱ ላይ 12 ካርቶን ይላል፣ እስቶር ውስጥ ያለው 3 ነው። የቀረው ወይ ላብራቶሪ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወስዶ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ዕቃው ግቢው ውስጥ እያለ በአስቸኳይ ሌላ ይገዛል።

እኛ የሠራነው ሶፍትዌር ይህንን ነገር አንድ ቦታ ላይ ያሳያል። እስቶሩ፣ ፋርማሲው፣ ላብራቶሪውና የግዢ ክፍሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ያያሉ። ዕቃ ሲገባ የእስቶር ኃላፊው ብዛቱን፣ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይመዘግባል። ክፍሎች የሚፈልጉትን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ይጠይቃሉ፤ ሲሰጣቸው ከእስቶሩ ተቀንሶ በስማቸው ይያዛል። ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ እንዲወጣም የትኛው ባች መነሳት እንዳለበት ይነግራል።

ለእርስዎ ክፍል ዋናው ጥቅሙ የማዘዣ ነጥቡ ነው። ለምሳሌ አንድ ዓይነት ጓንት በወር 40 ፓኬት ይወጣል እንበል። ከጥያቄ ጀምሮ ዕቃው እስኪገባ አንድ ወር ተኩል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 60 ፓኬት ያልቃል። መጠባበቂያ 20 ቢጨመር፣ ቆጠራው 80 ሲደርስ ስምዎ ላይ መልዕክት ይመጣል ማለት ነው። ያኔ ፕሮፎርማውን ለሁለት ሳምንት መለጠፍ ይችላሉ። አዲስ አበባ ድረስ ዋጋ መጠየቂያ መላክ ይችላሉ። ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቢመጣም ጊዜ አለዎት።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ነው። ካርቶኑ ላይ 03/2027 ተብሎ ሲታተም በፈረንጆቹ የመጋቢት ወር መጨረሻ ድረስ ያገለግላል ማለት ነው። በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019 ላይ ያበቃል። የእስቶር መዝገቡ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። በጥድፊያ ሰዓት 03 የሚለውን ኅዳር ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። የእኛ ሲስተም ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ ይቀበልና ራሱ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይታያል። ሪኤጀንት ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው ካርቶኑ ላይ ካለው ቀን ያጥራል። ስለዚህ የተከፈተበት ቀን ለብቻው ይያዛል። የላብራቶሪ ባለሙያዎቻችሁ ይህን ክፍል ቢያዩት ደስ ይለኛል።

መብራትና ኔትወርክ እንደሚያስቡ እገምታለሁ። ሰርቨሩ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ቢጠፋም በግቢው ኔትወርክ ይሠራል። መብራት ሲሄድ እስቶሩ እንደ ወትሮው በወረቀት ይሰጣል፣ ሲመለስ ይመዘገባል። ቢን ካርዱን ጣሉት አንልም፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ሁሉ ደግሞ የመረጃው ቅጂ ተቆልፎ ከሆስፒታሉ ውጭ ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በአካባቢያችን ጤና ተቋማት ላይ የደረሰውን ጉዳት ደሴ የኖረ ሰው አይረሳውም። መዝገብ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የማይሠራውንም ልንገርዎ። ከገበያ የጠፋ መድኃኒት አያመጣም። በውጭ ምንዛሪ እጥረት የሚዘገየውንም አያፋጥንም። የሚወጣውን ዕቃ የማይመዘግብ ክፍል ካለ ቁጥሩ ይዛባል። ለዚህ ነው ከሶፍትዌሩ እኩል ለሥልጠናው የምንጨነቀው። ገጹ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ለእስቶር ሠራተኛ ሁለት ቀን ሥልጠና እንሰጣለን። ችግር ሲፈጠር ባለሙያችን ሐረጎን ወጥቶ በዚያው ቀን ይደርሳል።

ዋጋውን ከአሁኑ ቢያውቁት ይሻላል። ተከላው፣ የመጀመሪያ ቆጠራው እና ሥልጠናው 85,000 ብር ነው። ከዚያ በወር 9,000 ብር፣ ቫት ሳይጨምር። ሰርቨር የሚሆን ኮምፒውተር ካላችሁ እሱን እንጠቀማለን። አሁን ሁለት የኮምቦልቻ መካከለኛ ክሊኒኮች ይሠሩበታል፤ በሆስፒታል ደረጃ ግን የመጀመሪያው የእናንተ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ወርሃዊ ክፍያ አንጠይቅም። ካልተስማማችሁ መረጃችሁን በሙሉ በኤክሴል እናስረክባለን፣ ውልም አይይዛችሁም።

በአሠራራችሁ መሠረት ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ካስፈለገ እንደማንኛውም አቅራቢ እወዳደራለሁ። ሰነዶቻችን፣ ንግድ ፈቃዱም ሆነ የግብር ከፋይ መለያው፣ በተጠየቁ ጊዜ ይቀርባሉ።

አሁን የምለምንዎት 30 ደቂቃ ብቻ ነው። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ደሴ ነኝ፤ 4 ሰዓት ላይ ቢመችዎ ቢሮዎ እመጣለሁ። የእስቶር ኃላፊው አብረው ቢገኙ በጣም ጥሩ ነው። ከመምጣቴ በፊት አንድ ዕቃ ይምረጡልኝ። ብዙ ጊዜ የምትጨቃጨቁበት፣ አለ የለም የሚባልበት ዓይነት ይሁን። ያለፉትን ሦስት ወራት የቢን ካርድ ኮፒ ይዛችሁ ጠብቁኝ፤ እዚያው አስገብተን መቼ መታዘዝ እንደነበረበት አብረን እናያለን። ካልጠቀማችሁ ሰዓታችሁን አመስግኜ እሄዳለሁ።

ሐሙስ ካልሆነልዎ የሚመችዎትን ቀን በዚሁ ኢሜይል ይጻፉልኝ። ጉዳዩ የሌላ ክፍል ከሆነም የሚመለከተውን ሰው ቢጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ሰዒድ
የሽያጭ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ