ተማሪ ብሩክታዊት አለማየሁን ለሳይንስ ትምህርት የላቀ ውጤት ሽልማት ዕጩ አድርጎ ስለማቅረብ

ቀን፡ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ሽልማት ኮሚቴ
ደብረ ብርሃን

ኮሚቴው የዘንድሮ ዕጩዎች ከድጋፍ ማስረጃ ጋር እንዲቀርቡ ባስታወቀው መሠረት፣ በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የምትማረውን ተማሪ ብሩክታዊት አለማየሁን ለሽልማቱ አቀርባለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፊዚክስ አስተምራታለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ የክፍሏ ኃላፊ መምህር ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት በቅርብ ያየሁትን ወይም ከመዝገብ ያረጋገጥኩትን ብቻ ነው።

በ1ኛው ሴሚስተር በሂሳብ 98፣ በፊዚክስ 97፣ በኬሚስትሪ 94፣ በባዮሎጂ 93 አምጥታ ከሴክሽኗ 56 ተማሪዎች 1ኛ ወጥታለች። በ9ኛ ክፍል 86 የነበረው የዓመቱ አማካይ ውጤቷ በ10ኛ ክፍል 90 ደርሷል። በእንግሊዝኛ ያገኘችው 84 ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በጠቅላላ አማካይም ከሌላ ሴክሽን አንድ ተማሪ በጥቂት ነጥብ ይቀድማታል። ይህን በግልጽ የማስቀምጠው፣ ለሽልማቱ ያጨኋት በካርዷ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ነው።

ዋናው ማስረጃዬ የቤተ ሙከራ ደብተሯ ነው። በኅዳር ወር ተማሪዎች የመሬት ስበት ሽምጠጣን በፔንዱለም እንዲለኩ አዝዤ ነበር። ለሁሉም የሚበቃ የብረት ኳስ ስላልነበረን ብሩክታዊት ጓጉንቸር በክር አንጠልጥላ፣ ከስፖርት መምህሩ በተዋሰችው ስቶፕ ዎች የ20 ውዝዋዜዎችን ጊዜ ለካች። በ50 ሴንቲ ሜትር ክር ያገኘችው ውጤት 9.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲሆን፣ ከሚጠበቀው 9.8 በግልጽ ያነሰ ነበር። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ቁጥሩን ወደ መጽሐፉ መልስ ያስጠጉታል፤ ይህን ፈተና ማንኛውም የሳይንስ መምህር ያውቀዋል። እሷ ግን 9.2ን እንዳለ ጽፋ፣ ከሥሩ «ምክንያቱ አልታወቀም፤ ይደገም» የሚል ማስታወሻ አኖረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳያዛት ክሩን ከ30 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር እየለዋወጠች ለካችና፣ የውዝዋዜውን ጊዜ ካሬ ከክሩ ርዝመት ጋር በግራፍ አስቀመጠች። መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆንም በዜሮ ነጥብ አላለፈም፤ አግድሙን ዘንግ የቆረጠው ከዜሮ በስተግራ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ነበር። ከዚህ ተነሥታ የለካችው እስከ ጓጉንቸሩ ጫፍ ድረስ ብቻ እንደሆነና፣ የጎደለው 3 ሴንቲ ሜትር ከጫፉ እስከ ክብደት ማዕከሉ ያለው ርቀት መሆኑን ደረሰችበት። የግራፉ ስሎፕ በዚህ ጉድለት እንደማይነካም ተረድታ፣ ከስሎፑ ብቻ 9.7 አገኘች። የመለኪያ ስሕተትን ከራሱ ከመረጃው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት በ11ኛ ክፍል ደረጃ የምንጠብቀው ሥራ አይደለም፤ በማስተማር ዘመኔም ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አይደለም። የደብተሯ ገጾች ስርዝ ድልዛቸው ሳይነካ በኮፒ ተያይዘዋል፤ ኮሚቴው በተለይ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ሳምንት ገጾች ጎን ለጎን እንዲመለከታቸው እጠይቃለሁ።

ከራሷ ትምህርት ባሻገር፣ በመጀመሪያው የሂሳብ ፈተና ከ50 በታች ያመጡ 7 የክፍሏን ተማሪዎች ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታስጠና ነበር። ከእነዚህ 5ቱ በቀጣዩ ፈተና ከ50 በላይ አምጥተዋል። በዚያው ጊዜ የሂሳብ መምህራቸውም ማጠናከሪያ ይሰጧቸው ስለነበር ለውጡን ሁሉ ለእሷ መስጠት አይቻልም፤ ነገር ግን ተማሪዎቹን ጠይቄ ሁለቱ መልሱን ነግራቸው እንደማታልፍና፣ የተሳሳቱበትን መስመር ራሳቸው እስኪያገኙት እንደምትጠብቅ ነግረውኛል። ይህም በደብተሯ ላይ ካየሁት አሠራር ጋር አንድ ነው።

የውጤት ካርዷ ቅጂ፣ የደብተሯ ገጾችና የሂሳብ መምህሯ የሰጡት የጽሑፍ አስተያየት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል፤ ውጤቶቹን ከመዝገብ ቤት ማመሳከር ይቻላል። ወላጅ እናቷ በዕጩነት መቅረቧን ዐውቀው ተስማምተዋል። ኮሚቴው ዕጩዋን በአካል ማነጋገር ከፈለገ፣ ሙከራውን በፊቱ ደግማ እንድታሳይ ቤተ ሙከራውን አዘጋጃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

መምህር ታደሰ ወንድሙ
የፊዚክስ መምህርና የክፍል ኃላፊ