ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ፦ ለደከመ ተማሪ የፋይናል ሳምንት ፕላን

ወንድምዬ፣ ሐሙስ ማታ ስንደዋወል ድምፅህ ዝሎ ነበር። "ኖቱን አየዋለሁ እንጂ ምንም አይገባኝም" ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ። ሁለት የላብ ሪፖርትና አንድ ፕሮጀክት አስረክበህ፣ ሳታርፍ ፋይናል ደረሰብህ። እኔም ሦስተኛ ዓመት ላይ እንዲሁ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ፕላን የጻፍኩት ለደከመ ሰው ነው። ሁሉንም ምዕራፍ አይሸፍንም። ብዙ ማርክ ያለባቸውን ግን አልዘለልኩም።

ፈተናዎችህ እነዚህ ናቸው፦ ፌዝ ዳያግራም ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ካይኔቲክስ ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ሜካኒካል ቢሄቪየር ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት።

ሁለት ነገር ቃል ግባልኝ። አንደኛ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ትተኛለህ፤ 12 ሰዓት ላይ ትነሳለህ። የዶርም ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክሉ ብታይም አትረበሽ። ሁለተኛ፣ ኖት እያነበብክ አታጠናም። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ነው የምታጠናው። ደክሞህ ስታነብ ዓይንህ መስመሩን ይከተላል፣ ጭንቅላትህ ግን ሌላ ቦታ ነው። እጅህ ሲሠራ ይሄ አይሆንም።

ቅዳሜ (ዛሬ)። አታጥና። ልብስህን እጠብ፣ ምሳህን በደንብ ብላ፣ ከሰዓት ተኛ። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ተቀመጥና የሚድ ወረቀቶችህንና ወርክሺቶቹን በሦስት ክምር ለይ። በሚድ ማርክ ያጣህባቸውን ጥያቄዎች በቀይ ክበብ። በእያንዳንዱ ትምህርት ከእነሱ ነው የምትጀምረው።

እሑድ፣ ሙሉ ቀን ፌዝ ዳያግራም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይብረሪ ግባ። የብረትና ካርቦኑን ዳያግራም ኖትህን ሳታይ ሳል። መጀመሪያ ቁጥሮቹን አስቀምጥ፦ ዩቴክቶይድ 0.76 ፐርሰንት ካርቦን በ727 ዲግሪ፣ ዩቴክቲክ 4.3 ፐርሰንት በ1147 ዲግሪ፣ ኦስቴናይት የሚይዘው ከፍተኛ ካርቦን 2.14፣ ፌራይት የሚይዘው 0.022፣ ሴሜንታይት 6.70። ከዚያ መስመሮቹን አገናኝ። ሦስት ጊዜ ሳለው። ሦስተኛው ላይ እጅህ ራሱ ያውቀዋል።

ቀጥለህ ይህችን ጥያቄ ሥራ። 0.40 ፐርሰንት ካርቦን ያለው ብረት ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ከ727 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ፐርላይቱ ስንት ነው?

```
Wp = (0.40 - 0.022) / (0.76 - 0.022) = 0.51
```

ሴሜንታይቱስ ስንት ነው? አሁን መስመሩ እስከ 6.70 ይዘረጋል።

```
Wc = (0.40 - 0.022) / (6.70 - 0.022) = 0.057
```

እኔ በፋይናሌ እነዚህን ሁለቱን አምታትቼ ስድስት ማርክ ጥያለሁ። ፐርላይት ፌዝ አይደለም። ፌራይትና ሴሜንታይት በስስ ንብርብር የተደራረቡበት ማይክሮስትራክቸር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ስታነብ መጀመሪያ የምትጠይቀው "የፌዝ መጠን ነው የሚፈልገው ወይስ የማይክሮስትራክቸር?" ነው። የፌዝ ከሆነ የታይ ላይኑ ጫፎች 0.022 እና 6.70 ናቸው። የፐርላይት ከሆነ ግን 0.022 እና 0.76። ይህ ብቻ ከገባህ የሌቨር ሩል ነገር ግማሹ አለቀ።

ከሰዓት የእርሳስና ቆርቆሮን ዳያግራም ሥራ። ዩቴክቲኩ 61.9 ፐርሰንት ቆርቆሮ በ183 ዲግሪ ነው። ሦስት ቅይጥ ምረጥና ሲቀዘቅዙ በየደረጃው የሚታየውን ማይክሮስትራክቸር በትንንሽ ክቦች ውስጥ ሳል። አስተማሪዎች ይህን ሥዕል ይወዱታል፣ ተማሪ ደግሞ ይዘለዋል። በመጨረሻ የጊብስን ሕግ፣ ግፊቱ ቋሚ ሲሆን F = C − P + 1፣ ዩቴክቲክ ነጥቡ ላይ ሞክረው። ሁለት ኮምፖነንት፣ ሦስት ፌዝ፣ መልሱ ዜሮ ነው። ዩቴክቲኩ በአንድ ቋሚ ሙቀት ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማታ ግማሽ ሰዓት የሜካኒካል ፎርሙላዎችን በአንድ ገጽ ጻፍ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ በየማታው ይህችን ገጽ በቃልህ ትደግማታለህ። ሜካኒካልን ለዓርብ ስላቆየሁት እንዳይርቅህ ነው።

ሰኞ፣ ካይኔቲክስ። ፌዝ ዳያግራሙ ብረቱ ወደ ምን እንደሚሄድ ነገረህ። መቼ እንደሚደርስ ግን አይናገርም። ካይኔቲክስ የመጣው ለዚህ ነው።

ጠዋት ዲፊውዥን። D = D₀ exp(−Q/RT) ላይ T ሁልጊዜ በኬልቪን ነው፤ 273 መጨመር የረሳ ሰው ትክክለኛ አሠራር ይዞ የተሳሳተ መልስ ያወጣል። ጥልቀት በጊዜ ካሬ ሩት እንደሚሄድም አትርሳ። በአንድ ዓይነት ሙቀት ካርቦን 1 ሚሊሜትር ለመግባት 10 ሰዓት ከፈጀበት፣ 2 ሚሊሜትር ለመግባት 40 ሰዓት ይፈልጋል።

ከሰዓት አቭራሚ፣ y = 1 − exp(−ktⁿ)። n = 3 ሆኖ ግማሹ በ100 ሰከንድ ከተለወጠ፣ 90 ፐርሰንቱ መቼ ያልቃል? k = 0.693/100³ ነው፤ መልሱ ወደ 149 ሰከንድ ይመጣል። ራስህ አድርሰው።

ማክሰኞ። ጠዋት የቲቲቲ ዳያግራም። ኩርባው ለምን አፍንጫ እንዳለው በቃላት ጻፍ፦ ሙቀቱ ከ727 ብዙም ካልወረደ ለመለወጥ የሚገፋው ኃይል ትንሽ ነው፣ በጣም ሲወርድ ደግሞ አተሞቹ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ፍጥነቱ ከፍ የሚለው መሀል ላይ፣ ለዩቴክቶይድ ብረት ወደ 540 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንን አፍንጫ ሳይነካ በፍጥነት የቀዘቀዘው ማርቴንሳይት ይሆናል። ይህ ዳያግራም ለረቡዕም ለሐሙስም ያገለግልሃል።

ከሰዓት ያለፈ ዓመት የፌዝ ዳያግራም ፈተና በሁለት ሰዓት ገደብ ሥራ። ስልክህን ለጓደኛህ ስጠው። ከዚያ ስህተትህን ብቻ አርም። ከራት በኋላ አዲስ ነገር አትክፈት።

ረቡዕ። ተፈተን፣ ምሳ ብላ፣ አንድ ሰዓት ተኛ። ስለ መልሱ ከማንም ጋር አትከራከር። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ካይኔቲክስ፤ በሚድ የጣልካቸውንና ያለፈ ዓመቱን።

ሐሙስ። ጠዋት አንድ የዲፊውዥንና አንድ የአቭራሚ ጥያቄ ይበቃል። ካልኩሌተርህን ፈትሽ። ከፈተናው በኋላ ከጊቢ ውጣና ማኪያቶ ጠጣ። ማታ የዚያችን ገጽ ክለሳ ብቻ።

ዓርብ፣ ሜካኒካል ቢሄቪየር። አትፍራው። የቴንሳይል ላቡን በእጅህ ሠርተሃል። ከራስህ የላብ ሪፖርት ጀምር፤ ኩርባው ላይ የ0.2 ፐርሰንቱን መስመር አስምርና ዪልዱን አውጣ። ትሩ ስትረስን በ σ(1+ε) ስትሠራ ናሙናው አንገት እስኪያወጣ ድረስ ብቻ እንደሆነ አስታውስ።

ቀጥሎ ሽሚድ፣ τ = σ cosφ cosλ። አንዱ አንግል ከስሊፕ ፕሌኑ ኖርማል ጋር፣ ሌላው ከስሊፕ አቅጣጫው ጋር ነው። ሆል-ፔችን በሦስት መስመር አስረዳ፦ ግሬን ሲያንስ ድንበር ይበዛል፣ ዲስሎኬሽን ይታገዳል፣ ብረቱ ይጠነክራል።

ረዘም አድርገህ የምትቆየው ስብራት ላይ ነው። K = Yσ√(πa)። ፍራክቸር ተፍነሱ 50 MPa√m፣ ጫናው 400 MPa፣ Y = 1 ከሆነ ስንጥቁ ስንት ሲደርስ ይሰበራል? a ወደ 5 ሚሊሜትር ይመጣል። ስንጥቁ ውስጥ ከሆነ ግን a የርዝመቱ ግማሽ ስለሆነ፣ ሙሉ ርዝመቱ 10 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፋቲግና ክሪፕ ላይ ኩርባዎቹን መሳልና መሰየም ይበቃሃል።

ቅዳሜ። 12 ሰዓት ተነስ፣ ቁርስህን ብላ፣ ገጽህን አንዴ እየው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉ በር ላይ ሁን። ስትወጣ ደውልልኝ፤ ማታ ቤት ሽሮ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ።